የጸሎተ ሐሙሱ ደረሰኝ፦ አንድ የቴሌግራም ጫማ ሱቅ ክፍያ ማረጋገጥን እንዴት እንደ አዲስ እንደጀመረ

ይህ የጉዳይ ጥናት መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ጫማ የሚሸጡ እኅትና ወንድም በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የገጠማቸውን ነገር፣ ከዚያም በኋላ በቴሌግራም ቻናላቸው አሠራር ላይ ያደረጉትን ለውጥ ይመለከታል። የሱቁን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንሁ የትዕዛዝ ደብተሩን፣ የቻናሉን ፖስቶችና የባንክ መግለጫውን ጎን ለጎን አድርጌ ለማየት ችያለሁ። ስማቸውንና የቻናሉን መጠሪያ ያልጠቀስሁት በፍላጎታቸው ነው፤ ጉዳዩ ተጽፎ ለሌላው ነጋዴ እንዲደርስ ግን ራሳቸው ጠይቀዋል።

ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ኪራዩ ምድር ቤት ካሉት ይቀላል፤ በአንጻሩ አላፊ አግዳሚ ደረጃ ወጥቶ አይገባበትም። ስለዚህ መስኮቱም በሩም ቻናሉ ነው ማለት ይቻላል። ወንድምየው ከመርካቶና ከአስመጪዎች ዕቃ ያመጣል፣ እኅትየዋ ደግሞ ሱቅ ውላ ፎቶ ታነሣለች፣ ፖስት ታደርጋለች፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቁ ትመልሳለች፣ ዕቃ ታስረክባለች። ገንዘብ የሚገባው በወንድምየው ስም በተከፈተ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብና በእርሱው ቴሌብር ነው፤ የገቢ መልእክትም የሚደርሰው እርሱ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል ተራ ነገር ይመስላል፤ የጉዳዩ ግማሽ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃውን አሳልፋ የምትሰጠው ሰው ገንዘቡ መግባቱን በዓይኗ የማታይ ነበረች።

በመጀመሪያ ስለ ፖስቶቹ ልግለጽ፤ የትዕዛዙ ውዥንብር ከዚያ ይጀምራልና። ቻናሉ እንደተከፈተ ፎቶዎቹ ከአስመጪው የተላኩ የፋብሪካ ፎቶዎች ነበሩ፣ ከሥራቸውም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይባል ነበር። ይህን አሠራር እኔ ከመነሻው አልወደድሁትም። የዕቃን ዋጋ በግልጽ ማሳየት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ላይ የተጣለ ግዴታ መሆኑ ሳይረሳ፣ በተግባርም እኅትየዋ ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ ስትመልስ ትውልና የእውነት ገዢው መልስ ሳያገኝ ይሄድ ነበር። ዋጋው ከፖስቱ ላይ ከተጻፈ በኋላ የጠያቂው ቁጥር ቀነሰ፤ የሚጠይቁት ግን ዋጋውን አውቀውና ወደው የመጡ ስለሆኑ ጨዋታው በቀጥታ ስለ ሳይዝና ስለ መላኪያ ሆነ። በ2016 ፋሲካ ሰሞን ቻናሉ እዚህ ደረጃ ላይ ነበር፤ ፎቶው የራሳቸው፣ ዋጋው የተጻፈ፣ ለያንዳንዱ ጫማ ደግሞ የኮድ ቁጥር የተሰጠው።

ኮዱ የተጻፈው ግን ከፎቶዎቹ ሥር ባለው መግለጫ ላይ ብቻ ነበር። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ፎቶ አንድ ላይ አድርጎ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል፤ መግለጫው የሚያያዘው ግን በተለምዶ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ነው። ደንበኛዋ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ፎቶ ብቻ መርጣ ለሻጯ ስትልክ ኮዱም ዋጋውም ሳይዝም አብሮ አይመጣም፤ የሚደርሰው ጥቁር ጫማ ብቻ ነው፣ ጥቁር ጫማ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ብዙ አለ። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ የተደበቀ ነው። አንድ ፖስት ለወዳጅ ከተላለፈ በኋላ የተላለፈው ቅጂ ራሱን የቻለ ይሆናል፤ ሻጯ ቻናሉ ላይ «38 አልቋል» ብላ ብታስተካክል ማስተካከያው ወደ ተላለፈው ቅጂ አይደርስም። ስለዚህ ከጓደኛዋ የደረሳትን ይዛ የምትመጣ ገዢ ከሳምንታት በፊት የነበረውን ሳይዝና ዋጋ ነው የምታየው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ የተላለፈውን መልእክት አናት ላይ ያለውን የቻናሉን ስም ነክቶ ወደ ዋናው ፖስት ይሄድና አሁን ያለውን ይመለከታል። እኅትየዋ ይህን ታውቅ ነበር፤ በበዓል ሰሞን ግን ለዚያ የሚሆን ፋታ አልነበረም።

አሁን ወደ ዕለቱ እንምጣ። ቀኑ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ነበር። ነገ ስቅለት ስለሆነ ሱቁ ይዘጋል፤ ለፋሲካ ጫማ የምትፈልግ ሁሉ በዚያ ቀን መጨረስ ፈልጋለች። ነገሩ የተነሣበት ጫማ ኮድ 214፣ ጥቁር፣ አጭር ተረከዝ ያለው፣ ዋጋው 4,200 ብር ሲሆን በ38 ቁጥር የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር።

ረፋድ ላይ ከሐዋሳ አንዲት ደንበኛ ጠየቀች። እኅትየዋ «አለ እህቴ፣ ልያዝልሽ?» አለቻት፤ ደንበኛዋም «ያዢልኝ፣ ከሰዓት በቴሌብር እልክልሻለሁ» ብላ መለሰች። ይህ ቃል በውስጥ መስመር ላይ ቀረ፣ ደብተር ላይ አልሰፈረም፣ ሳጥኑም ከመደርደሪያው አልወረደም። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሌላ ሰው የዚያኑ ጫማ ፎቶ ያለ መግለጫ ልካ 38 ቁጥር መኖሩን ጠየቀች። እኅትየዋ ሳጥኑን ከመደርደሪያው ላይ ስላየችው አለ አለቻት። ጥቂት ቆይቶ የክፍያ ስክሪንሾት መጣ፣ ተከትሎም የባንኩ ደረሰኝ ማያያዣ፣ ከዚያም «ከእህቴ አካውንት ነው የላክሁት፤ ሞተረኛ ልኬያለሁ፣ እባክሽ እንዳታስጠብቂው» የሚል መልእክት። ወንድምየው መርካቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ተደወለለት፣ አላነሣም።

እኅትየዋ ያደረገችውን በትክክል መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲሰማ ሻጯ ስክሪንሾት አምና ዕቃ የሰጠች ይመስለዋል። አልነበረም። ማያያዣውን ከፈተችው። አድራሻው የባንኩ ትክክለኛ የደረሰኝ አድራሻ፣ apps.cbe.com.et ነበር፤ የተከፈተውም እውነተኛ የባንክ ደረሰኝ ነው። የተቀባዩ ስም የወንድሟ ነው፣ የገንዘቡ መጠን 4,200 ብር ነው። የከፋዩ ስም ከጠያቂዋ ስም ጋር አይገጥምም፤ ለዚያ ግን «ከእህቴ አካውንት» የሚል ማብራሪያ አስቀድሞ ተሰጥቷል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል፣ ሁለት ሴቶች ጫማ እየለኩ ነው። ሳጥኑን አስረከበች። 9 ሰዓት ላይ የሐዋሳዋ ደንበኛ እንደ ቃሏ 4,200 ብር በቴሌብር አስገባች።

ማታ ወንድምየው ሲመለስ ሒሳቡ ሲመሳከር በዚያ ቀን በባንኩ ሒሳብ ከሰዓት በኋላ የገባ 4,200 ብር አልተገኘም። መጀመሪያ የታሰበው የመልእክት መዘግየት ነው፤ በበዓል ሰሞን ይህ የተለመደ ነው። ይሁንና በባንኩ መተግበሪያ የተከፈተው የሒሳብ ዝርዝርም ላይ የለም። እኔ በማግሥቱ ደረሰኙን ሳየው ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የግብይት ቁጥሩ ላይ ነው። በንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር በFT ይጀምራል፤ ከFT ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹን ዓመት፣ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት ሦስት አሃዞች ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረውን ቀን ያመለክታሉ፤ የቀሩት አምስቱ የዚያ ግብይት ብቻ የሆኑ ፊደላትና አሃዞች ናቸው። ጸሎተ ሐሙስ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2024 ስለነበረና ያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ያለው ስለሆነ የዓመቱ 123ኛ ቀን ነው። ስለዚህ የዕለቱ ክፍያ ቁጥር መጀመር የነበረበት እንዲህ ነው፤

```
FT24123
```

በደረሰኙ ላይ ያለው ግን ይህ ነበር፤

```
FT24096
```

96ኛው ቀን ኤፕሪል 5፣ በእኛ መጋቢት 27 ነው። የባንክ መግለጫውን ወደ ኋላ ስናየው በመጋቢት 27 ያው ቁጥር፣ ያው 4,200 ብር፣ ያው ከፋይ አለ። አንዲት ደንበኛ የዚያን ጊዜ ያንኑ ኮድ 214 ጫማ ገዝታ የከፈለችበት እውነተኛ ክፍያ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል፤ ደረሰኙ ላይ ግን ቀኑም እንደ ነበረ መጋቢት 27ን ነበር የሚያሳየው። በችኮላ ስምና መጠን ብቻ የሚያይ ዓይን ቀኑን አልፎት ሄዷል።

የቀረው ጥያቄ ይህ የሌላ ሰው ደረሰኝ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ በማን እጅ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚለው ነበር። መልሱ የተገኘው ቻናሉ ላይ ነው። እኅትየዋ እንደ አብዛኞቹ የቴሌግራም ሻጮች «እናመሰግናለን ደንበኞቻችን» እያለች የክፍያ መልእክቶችንና የደንበኞችን የምስጋና ቃል ስክሪንሾት ትለጥፍ ነበር፤ ዓላማውም ለአዲስ ገዢ «ሌሎች ከፍለው ዕቃቸውን አግኝተዋል» ለማለት ነው። በመጋቢት መጨረሻ ከተለጠፉት አንዱ የዚያች ደንበኛ የክፍያ መልእክት ነው፤ ስሟ፣ መጠኑ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ ከግርጌውም የደረሰኙ ማያያዣ ሙሉ በሙሉ ይነበባል። የንግድ ባንኩ የደረሰኝ ማያያዣ የተሠራው ከግብይት ቁጥሩና ከሒሳብ ቁጥሩ የመጨረሻ 8 አሃዞች በመሆኑ ደረሰኙን ለመክፈት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ነበር። አታላይዋ ያንን ከፎቶው ላይ አንብባ መጻፍ ብቻ ነበረባት። ጫማውንም የመረጠችው ተመሳሳይ ዋጋ ያለውን፣ እንዲያውም ያንኑ ጫማ ነው፤ መጠኑ ሳይነካካ እንዲገጥም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። እምነት ለማግኘት የተለጠፈው ነገር ራሱ የማታለያው ጥሬ ዕቃ ሆነ፣ በዚያ ላይ ምንም ያላጠፋች ደንበኛ ስሟና የባንክ መረጃዋ ፈቃዷ ሳይጠየቅ አደባባይ ወጥቶ ከረመ። ቢሸፋፈን እንኳ እንዲህ ያለው ማስረጃ ለገዢ የሚያረጋግጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ስክሪንሾት ማዘጋጀት ለሐሰተኛ ቻናልም ያው ቀላል ነውና።

የገዢዋ የቴሌግራም አካውንት በዚያው ምሽት ተሰርዟል፣ ስልኩም አይነሣም። ሞተረኛው ተገኝቶ ነበር፤ የሚያውቀው ግን በስልክ መታዘዙንና ሳጥኑን መንገድ ዳር ለቆመች ሴት መስጠቱን ብቻ ነው። ለሐዋሳዋ ደንበኛ ገንዘቧ የማስተላለፊያ ክፍያውን ሱቁ ችሎ በዚያው ምሽት ተመለሰላት፤ ለፋሲካ ግን ጫማ አላገኘችም፣ ከዚያም ወዲህ ከሱቁ አልገዛችም። በመዝገብ ላይ የሚታየው ኪሳራ የአንድ ጥንድ ዋጋ ነው። ይቺን ደንበኛ ማጣት ግን በእኔ ሚዛን ከዚያ ይበልጣል፤ ቃሏን ጠብቃ የከፈለች እርሷ ነበረችና።

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው እርምጃ የክፍያ ስክሪንሾቶቹን በሙሉ ከቻናሉ ማጥፋት ነበር። በምትካቸው ሦስት ነገሮች ከአናት ላይ በተሰካው መልእክት ገቡ። አንደኛው ከሕንፃው መግቢያ ተነሥቶ ደረጃውን ወጥቶ እስከ ሱቁ በር የሚያደርስ አጭር ቪዲዮ ነው። ሁለተኛው የዕቃ መቀየሪያ ደንብ ነው፤ በስንት ቀን ውስጥ፣ ጫማው በምን ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ የሞተሩን ማን ይከፍላል የሚለውን በግልጽ ይናገራል። ሦስተኛው የሒሳብ ቁጥሩና የቴሌብር ቁጥሩ ከባለቤቱ ሙሉ ስም ጋር ነው፤ ከሥሩም «ቁጥሩን ስታስገቡ ይህ ስም ካልመጣ አትላኩ» ይላል። በባንኩ መተግበሪያ ቁጥር ሲገባ የተቀባዩ ስም ከመላኩ በፊት ስለሚታይ ይህ አንድ መስመር ገዢዋ ራሷ በራሷ ልታረጋግጠው የምትችለው ነገር ነው፤ የእምነት ማስረጃ ሊሆን የሚገባውም እንዲህ ያለው፣ ሻጩን ሳይጠይቁ የሚፈትሹት ነገር ነው።

ይህ መስመር ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጥቅም ሰጠ። ቻናሉ ላይ አስተያየት መስጫ ቡድን ተከፍቶ ነበር። የቻናል አባላትን ዝርዝር ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም አያይም፤ የቡድን አባላት ግን ይታያሉ፣ አስተያየት ለጻፈ ሰውም ማንም ስሙን ነክቶ ሊጽፍለት ይችላል። አንድ ሰው የቻናሉን ፎቶና ስም ቀድቶ፣ በመጠሪያው ውስጥ ትንሿን l በትልቁ I ተክቶ፣ አስተያየት ለሰጡ ሴቶች «ያዘዝሽው ደርሷል፣ ቀብድ ላኪ» እያለ ይጽፍ ጀመር። ሁለቱ ፊደላት በስልክ ላይ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ መጠሪያውን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። አንዲት ደንበኛ ቁጥሩን ስታስገባ የመጣው ስም ሌላ ሆኖ ስላገኘችው አቁማ ለሱቁ ደወለች። ከዚያ በኋላ የአስተያየት ቡድኑ ተዘጋ፣ የተሰካው መልእክት ላይም ሱቁ ቀድሞ ለማንም በውስጥ መስመር እንደማይጽፍ ተጨመረ። ቡድኑ መዘጋቱ የሚያሳጣው ነገር አለ፤ ሴቶቹ ስለ ሳይዝ እርስ በርስ የሚረዳዱበት ቦታ ነበር። እኅትየዋ ያንን እያወቀች ነው የዘጋችው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ክፍያ በማረጋገጥ ላይ ነው። ለቻናሉ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ሒሳብ ተከፈተ፤ ከሒሳቡ ጋር የተያያዘው ስልክም ከሱቁ እንዳይወጣ ተደረገ። ይህ የወንድምየውን የግል ገንዘብ ከሱቁ ስለለየው ለእኔም ሥራውን አቅልሎልኛል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ዕቃ የምታስረክበው ሰው ገንዘቡን ራሷ የምታይ መሆኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ የሚመጣ ስክሪንሾት፣ ደረሰኝም ሆነ ማያያዣ እንደ ክፍያ ማረጋገጫ አይቆጠርም። የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፤ በሱቁ ሒሳብ ዝርዝር ውስጥ የቱን ገቢ መፈለግ እንዳለባት ይነግራታል። እኅትየዋ የግብይት ቁጥሩን ከደንበኛዋ ትቀበላለች፣ መተግበሪያውን ከፍታ በሒሳቡ ዝርዝር ላይ ያንኑ ቁጥር ታገኛለች፣ መጠኑንና ቀኑን ታያለች፣ ከዚያም ቁጥሩን በትዕዛዝ ደብተሩ ላይ ከጫማው ኮድ ጎን ትጽፋለች። መጻፉ የቢሮ ሥነ ሥርዓት ብቻ እንዳይመስል፤ አንድ እውነተኛ ክፍያ ሁለት ጊዜ ዕቃ ሊያወጣ የማይችለው ቁጥሩ ቀድሞ ከሌላ ትዕዛዝ ጎን ተጽፎ ከተገኘ ብቻ ነው። ይህ አሠራር በመጋቢትም ኖሮ ቢሆን የጸሎተ ሐሙሱ ደረሰኝ ቁጥር በደብተሩ ላይ ሲፈለግ በመጋቢት 27 ከተሸጠው ጫማ ጎን ይገኝ ነበር።

አጭር መልእክቱም ቢሆን በራሱ አይበቃም። የንግድ ባንኩ መልእክት ሲመጣ ላኪው CBE ተብሎ ይታያል፣ የቴሌብሩ ደግሞ ከ127 ነው የሚመጣው፤ ቃል በቃል የተገለበጠ ጽሑፍ ግን ከተራ የሞባይል ቁጥር ሊላክ ይችላል፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከላይ ያለውን ቁጥር የሚያይ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ መልእክት አንድ ጊዜ ደርሷቸው የተለየው በሚገርም ነገር ነው፤ መልእክቱ ላይ የተጻፈው ቀሪ ሒሳብ በሒሳቡ ውስጥ ካለው በብዙ ይበልጥ ነበር። ላኪው የሱቁን ቀሪ ሒሳብ ሊያውቅ ስለማይችል ገምቶ ነው የጻፈው። የFT ቁጥሩን ቀን መቁጠርም ፈጣን መፈተሻ ነው፤ እኅትየዋ በየጠዋቱ የዕለቱን አምስት አሃዝ በወረቀት ጽፋ ከስልኩ አጠገብ ትለጥፋለች። ገደቡን ግን ነግሬያታለሁ፤ ቁጥሩ የባንኩን የሥራ ቀን ስለሚከተል እሑድና በበዓል ቀን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ አለመግጠሙ ቆም ብሎ ለማየት ምክንያት ነው እንጂ ደንበኛን ሌባ ለማለት አይበቃም። መግጠሙም ክፍያ መግባቱን አያረጋግጥም።

በዚህ አሠራር የሚጎዳ ሰው እንዳለ መደበቅ አይገባም። ከሌላ ባንክ የሚላክ ገንዘብ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ላኪዋ ከሒሳቧ ተቀንሶባት፣ ደረሰኝ በእጇ ይዛ፣ በሱቁ በኩል ግን ምንም የማይታይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ላለችው ሴት «አልከፈልሽም» የሚል መልስ ስድብ ነው። ስለዚህ የመልሱ ቃል ተወስኖ ተጻፈ፤ «እህቴ፣ ደረሰኝሽን ተቀብያለሁ። ገንዘቡ እኛ ጋር እስኪታይ ጫማሽ በስምሽ ተይዟል፣ ለሌላ አይሸጥም፤ እንደታየ ወዲያው እጽፍልሻለሁ።» ደንበኛን የሚያስቆጣው መጠበቁ ሳይሆን ደረሰኙ እጇ ላይ እያለ ጫማው ይሸጥብኛል ብሎ መስጋት መሆኑን ሱቁ ያወቀው ይህን መልስ መጠቀም ከጀመረ በኋላ ነው። «ተከፍሏል» የሚለው ቃል ደግሞ ገንዘቡ ዝርዝሩ ላይ ሳይታይ ከሱቁ ስልክ አይወጣም፤ ወንድምየውም ቢሆን ከመርካቶ ሆኖ «ስጪያት» ማለት አይችልም።

የመያዙ ነገር ራሱን የቻለ ሥርዓት አስፈልጎታል፤ ያለበለዚያ የሐዋሳዋ ደንበኛ የደረሰባት በሌላዋም ላይ ይደርሳል። አሁን «ልያዝልሽ?» የሚለው ቃል የሚነገረው ሳጥኑ ከመደርደሪያው ወርዶ የስም ወረቀት ከተለጠፈበት በኋላ ብቻ ነው። ያለ ክፍያ የሚያዘው ለሁለት ሰዓት ነው፣ በበዓል ሰሞን ለአንድ ሰዓት፤ ይህም ለደንበኛዋ በዚያው መልእክት ይነገራታል። ጊዜው ሲያልቅ ሳጥኑ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ለደንበኛዋም ይጻፍላታል። ሳጥኑ እንደ ተያዘ ደግሞ በቻናሉ ላይ ያለው ፖስት ተስተካክሎ ያ ሳይዝ ከዝርዝሩ ይወጣል። ያለቀ ጫማ ፖስት አይጠፋም፣ «አልቋል» ተብሎ ይቀመጣል፤ የተላለፈ ቅጂ ይዛ የምትመጣ ደንበኛ ዋናውን ፖስት ስትከፍት እውነቱን እንድታገኝ።

ኮዱም ከመግለጫው ወጥቶ ወደ ፎቶው ገባ። በካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም ማርከር 214 ተብሎ ይጻፍና ከጫማው አጠገብ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሲነሣ ካርቶኑ አብሮ ይነሣል። ፎቶው ከፖስቱ ተነጥሎ ቢላክም፣ ስክሪንሾት ቢሆንም፣ በሌላ ቻናል ቢለጠፍም ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። በኮምፒውተር የሚጻፍ ቁጥር ያምር ነበር፤ ካርቶኑ ግን ፎቶውን ለመስረቅ ላሰበ ሰው ቆርጦ ማውጣቱን ያከብድበታል፣ ለገዢዋም ጫማው በእርግጥ ሱቁ ውስጥ እንዳለ ያሳያታል። እኅትየዋ መጀመሪያ ፎቶውን ያበላሽብኛል ብላ ተቃውማ ነበር፤ በስተመጨረሻ የተስማማችው ደንበኞች «214፣ 38» ብለው በሁለት ቁጥር ማዘዝ ሲጀምሩ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ ሲደርስ መክፈል ይፈቀዳል። ገንዘቡን ሞተረኛው ይቀበላል ወይም ደንበኛዋ በር ላይ ቆማ ታስተላልፋለች፤ በሁለተኛው መንገድ ከሆነ ሞተረኛው ሳጥኑን የሚለቀው ከሱቁ ስልክ ተደውሎ «ገብቷል» ሲባል ነው። ደንበኛዋ ራሷ ሞተረኛ ከላከች ግን ክፍያው ቀድሞ በዝርዝሩ ላይ መታየት አለበት፤ ሞተረኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል። ለክፍለ ሀገር ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ነው። ዕቃው በመኪና ከተላከ በኋላ ሱቁ የታሸገውን ሳጥን ፎቶ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የሹፌሩን ስልክ ለደንበኛዋ በዚያው ሰዓት ይልክላታል። ገንዘቧን አስቀድማ ላላየችው ሰው የምትልክ ሴት በምላሹ ልትፈትሸው የምትችለው ነገር ሊደርሳት ይገባል፤ የሹፌሩን ስልክ ራሷ ትደውላለች፣ መናኸሪያ የሚደርስበትን ሰዓትም ከእርሱ ትሰማለች።

ያልተፈታ ነገር አንድ አለ። እኅትየዋ በማትገባበት ቀን በምትኳ የምትቀመጠው የዘመድ ልጅ የባንኩን መተግበሪያ የምስጢር ቁጥር አታውቅም፣ እንድታውቅም አይፈለግም፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ገቢ ማየት ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ማውጣትም ይችላልና። በእነዚህ ቀናት ያላት መንገድ የሚገባውን አጭር መልእክት ማንበብና ወደ እኅትየዋ መደወል ነው፤ መልእክቱ ሲዘገይ ወይም ስልክ ሳይያዝ ሲቀር ደግሞ ዕቃ አይወጣም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ቻናሉ ላይ «ዛሬ የተከፈለባቸው ትዕዛዞች ነገ ጠዋት ይወጣሉ» የሚል ማስታወቂያ ከጠዋቱ ይለጠፋል። ሽያጩ በዚያ ቀን ይቀንሳል፤ ሱቁም ይህን ተቀብሎታል።